የሌሊት ረዳት፥ የቀን ተማሪ

ባለፈው ዓመት፥ ልጆቹ አድገው ቤቱ መስፋት በጀመረ ጊዜ፥ ምድር ቤቱን ለማጽዳት ወርጄ ዕቃ ሳገላብጥ፥ ከሕፃናት ልብስና ከተፈታ የአልጋ እንጨት ሥር አንዲት የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ክዳኗን ባነሣሁ ጊዜ በርበሬና የእጅ ማጽጃ አልኮል ተቀላቅለው የሚሰጡት፥ ከዚያ ዘመን በቀር በሌላ ስፍራ ያላገኘሁት ሽታ ወጣ። ውስጧ ያሉት በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች ነበሩ፤ በአንድ ገጻቸው ጥያቄ፥ በሌላው ገጻቸው መልስ የተጻፈባቸው፥ ዘይት የነካቸው፥ አንዳንዶቹም ጠርዛቸው በልጅ ጥርስ የተነከሰ። ከላይ የነበረውን አንሥቼ አነበብሁ፤ «ነርሷ ለረዳቷ አሳልፋ ልትሰጥ የማይገባት ሥራ የቱ ነው?» ይላል። ጥያቄውን በቀን የምታጠናው እኔ ነበርሁ፤ በሌሊትም ረዳቷ እኔው ነበርሁ።

በአገሬ ነርስ ነበርሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ዓመታት አገልግያለሁ፤ የዲቪ ዕጣ ደርሶን ከባለቤቴ ጋር ወደ ሜሪላንድ መጥተን በሲልቨር ስፕሪንግ ስንቀመጥ ግን፥ የሙያ ፈቃድ ከባለቤቱ ጋር ባሕር የማይሻገር መሆኑን ተረዳሁ። የውጭ አገር ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምረው፥ በፊላዴልፊያ የሚገኘው፥ ያኔ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው ድርጅት፥ የትምህርት ማስረጃውን ከባለጉዳዩ እጅ አይቀበልም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ አትሞና አሽጎ በቀጥታ ሊልክለት ይገባል። ዲግሪውን ወይም ዲፕሎማውን በደረቱ ታቅፎ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ የሚይዘውን መገረም የደረሰበት ያውቀዋል። ወንድሜ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ፥ መዝገብ ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት፥ እኔ ሁለተኛውን ልጅ ፀነስሁ። ኤንክሌክስ ለተባለው የነርስነት ፈተና የመፈተኛው ፈቃድ በደረሰኝ ጊዜም ዘመኑ የተወሰነ ነበርና፥ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተፈተኑ የተከፈለው 200 ዶላር ይቀራል፤ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። በቤታችን 200 ዶላር ቀላል ነገር አልነበረም።

እስከዚያው እንጀራ ያስፈልጋልና የነርስ ረዳትነት ኮርስ ወስጄ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሥራ ያዝሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት። ሌሊት ሕሙማን ተኝተዋልና ሥራ የለም የሚል ሰው ካለ አላየውም ማለት ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችለውን ሽማግሌ በየሁለት ሰዓቱ ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ጀርባ ማዞር ያስፈልጋል፤ አንድ ዙር ቢዘለል በጅራቱ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ይቀላል፤ በጣት ተጭነው ሲለቁትም ቅላቱ የማይመለስ ከሆነ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል ማለት ነው። ዳይፐር ይለወጣል፥ አንሶላ ይቀየራል፥ የጥሪው መብራት ከደጃፉ በላይ በበራ ቁጥር ይኬዳል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የልብ ትርታና የደም ግፊት፥ ሙቀትና ትንፋሽ እየተለካ ይመዘገባል። መድኃኒት ግን አይነካም። በአገሬ መርፌ ስወጋና ግሉኮስ ስሰቅል የኖርሁ ሴት፥ የመድኃኒቱ ጋሪ በፊቴ ሲያልፍ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆም ነበር። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም፤ ሕጉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እጅ የለመደውን ሥራ ሲያይ ይበላል።

ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ጫማውን አጥልቆ፥ የታክሲውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ትንሹን ከእጁ ወደ እጄ ሲያስተላልፍ፥ «ወተቱን በአሥራ አንድ ጠጥቷል፥ ትልቋ ትንሽ ታስላለች፥ ምስር ወጡ ምድጃው ላይ ነው» ይለኛል፤ እኔም ያደረውን እነግረዋለሁ። ለፈተናው በማጠናበት መጽሐፍ ነርሶች ሺፍት ሲቀያየሩ ስለ ሕመምተኛው የሚለዋወጡት ዘገባ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር ምዕራፍ አለ፤ ከእኛ የደጃፍ ንግግር የተሻለ ዘገባ ግን በዚያ ዘመን ከማንም አልሰማሁም። በሳምንት ውስጥ በአንድ አልጋ ላይ አብረን ያደርንባቸው ሌሊቶች ጥቂቶች ነበሩ። ትዳራችን በዚያ ዘመን በደጃፉ ላይ ይኖር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንቅልፍ የሚገኘው ልጆቹ ባሸለቡ ሰዓት ነው፤ ጥናትም የሚገኘው በዚያው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ይበላል። ወፍራሙን የመከለሻ መጽሐፍ ተኝቼ መያዝ አልሆነልኝም፤ ሁለት ገጽ ሳልገፋ በፊቴ ላይ ይወድቃል። ካርዶቹን የፈጠራቸው ይህ ችግር ነው። ከምድጃው በላይ ባለው የቁም ሳጥን በር ላይ በየቀኑ ጥቂቶቹን እለጥፋለሁ፤ ሽንኩርት ሳቁላላ የደም ምርመራ ውጤቶችን መደበኛ ልክ እደግማለሁ፤ ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.0፥ ሶዲየም ከ135 እስከ 145። ትልቋ ልጄ፥ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት፥ እንደ ሕፃን መዝሙር «ሦስት ነጥብ አምስት፥ አምስት ነጥብ ዜሮ» እያለች በክፍሉ ውስጥ ትሮጥ ነበር። የበርበሬው ሽታ ምንጭ እነሆ ይህ ነው፤ አልኮሉ ደግሞ ሌሊት በኪሴ ይዣቸው ስዞር የገባባቸው ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔን እጅግ ያስጨነቀኝ፥ ብዙ ሰው እንደሚገምተው የመድኃኒት ስም ወይም የእንግሊዝኛው ቋንቋ አልነበረም፤ ሥራን የማከፋፈል ጥያቄ ነበር። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ነርሷ አራት ሕመምተኞች አሏት፤ አንደኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል አሁን የተመለሰ ነው፤ ሁለተኛዋ ስትሮክ የመታት፥ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ የምትቀምስ ናት፤ ሦስተኛው የዳሌ አጥንቱ ከተጠገነ ሁለት ቀን የሆነው፥ በመደገፊያ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ነው፤ አራተኛዋ ስኳር እንዳለባት ትናንት የተነገራት፥ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጋ የምትማር ናት። ከእነዚህ የትኛዋን ወይም የትኛውን ለረዳቷ ትስጣት? መልሱ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሁኔታው የረጋና የሚጠበቀው ነገር የታወቀ ነውና። ከቀዶ ሕክምና የመጣው መመርመር ያሻዋል፤ ስትሮክ የመታት ሴት የመዋጥ ኃይሏ ገና አልተፈተነም፥ ምግቡም ወደ ሳንባዋ ሊወርድ ይችላል፤ ባለ ስኳሯ ማስተማር ትሻለች። መመርመር፥ ማስተማርና ውጤቱን መመዘን የነርሷ ናቸው፤ አይተላለፉም።

ይህን ደንብ መሸምደድ ቀላል ነው። እኔን ያወከኝ፥ በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ያለችውን ረዳት በፊቷ የማውቃት መሆኔ ነው። ትናንት ሌሊት አንዲትን አረጋዊት ስታበላት ድምፅዋ እንደ እርጥብ ሲሆን፥ ሳሉም ሲጀምር፥ ማንኪያውን አስቀምጣ ቀና አድርጋ ያስቀመጠቻት ማን ናት? መጽሐፉ ግን ረዳቷ አታይም፥ አትመረምርም፥ ትለካለች ትመዘግባለችም ይላል። ብዙ ጊዜ መልሱን የምስተው አላውቀውም ብዬ ሳይሆን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ከሰዓታት በፊት በእጄ የሠራሁትን ሥራ፥ «ይህ ለእርስዋ አይገባም» በሚለው ረድፍ ውስጥ ማስገባት፥ እርሳስ በያዘች እጅ ራስን ማጥፋት ይመስል ነበር። ኋላ እንደገባኝ፥ ሕጉ የሚያወራው ስለ ዕውቀት ሳይሆን ስለ ተጠያቂነት ነው፤ ሥራው ይተላለፋል፥ ኃላፊነቱ ግን ከፈቃዱ ባለቤት አይወርድም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ጥያቄዎቹ ቀለሉኝ፤ ቅሬታው ግን በሙሉ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም።

ሁለተኛው ችግር ከአገር የመጣ ነበር። በሠራሁበት ሆስፒታል ሐኪም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ነርስ ራሷ ወስና የምትሠራው ነገር ብዙ ነው፤ የጎደለውንም ቤተ ሰብ ከውጭ ገዝቶ ያመጣዋል። በፈተናው ውስጥ ያለው ሆስፒታል ግን በምድር ላይ የለም፤ እንደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ፍጹም ነው። ነርሷ ጊዜ አላት፥ ዕቃ አላት፥ ሰው አላት፤ በፊቷም ያለው ያ አንድ ሕመምተኛ ብቻ ነው። በዚያ ዓለም ከማድረግ በፊት መመርመር ይቀድማል፤ ሐኪም ከመጥራትም በፊት፥ ነገሩ ግልጽ አደጋ ካልሆነ በቀር፥ ለሐኪሙ የሚነገረውን ማወቅ ይቀድማል። ከእኔ ጋር ይዘጋጁ ከነበሩት አበሾች መካከል ረጅም ዘመን የሠሩት ከአዲሶቹ ይልቅ ይቸገሩ ነበር፤ ልምዳቸው ፈጥኖ እጃቸውን ወደ ሥራው ይመራዋልና።

ከካርዶቹ አንዱ ብቻ በቀይ ቀለም የተከበበ ነው፤ ለምን እንደ ተከበበ አልረሳሁም። በምሠራበት ቤት የልብ ድካም ያለባቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፥ እኔን «ልጄ» እያሉ የሚጠሩ። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒትና ላሲክስ የሚባለውን ውኃ የሚያሸና መድኃኒት አብረው ይወስዱ ነበር። አንድ ሌሊት የተቀመጠላቸውን ብስኩት ሳይነኩ አገኘኋቸው፤ ሆዳቸው እንደሚያቅለሸልሻቸው ነገሩኝ። ንጋት ላይ ትርታቸውን ስቆጥር 52 ሆነ፤ የተሳሳትሁ መስሎኝ ሙሉ ደቂቃ ይዤ ደገምሁት፤ ያው ነው፥ አካሄዱም ወጣ ገባ ይላል። ከመውጣቴ በፊት አዛውንቱ፥ «ልጄ፥ መብራቱን ማን ነው ቢጫ ያደረገው? ቀለበት ሠርቷል» አሉኝ። መብራቱ ነጭ ነበር።

ወደ ኃላፊዋ ነርስ ሄጄ ቁጥሩን፥ ብስኩቱን፥ የቢጫውን ቀለበት ነገር በዚያው ቅደም ተከተል ነገርኋት። ሴትዮዋ በሥራው ያረጀች፥ ብዙ የማትናገር ናት። ከወንበሯ ተነሥታ ማዳመጫዋን በደረታቸው ላይ አድርጋ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ የጠዋቱን ዲጎክሲን ከጋሪው ለይታ አስቀመጠች፤ ሐኪሙን ጠራች፤ ደም ተቀዳ። በማግስቱ ሌሊት ስገባ ፖታሲየማቸው 2.9 ሆኖ እንደ ተገኘና ወደ ሆስፒታል እንደ ተወሰዱ ነገረችኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሰው ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ ሲያሙ ሰማኋቸው።

የነገሩን ምስጢር ያገኘሁት ከሳምንታት በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ነው። ላሲክስ ከሽንት ጋር ፖታሲየምን ያስወጣል። ዲጎክሲንና ፖታሲየም ደግሞ በልብ ጡንቻ ሕዋስ ላይ ለአንድ ስፍራ የሚሻሙ ናቸው፤ ፖታሲየሙ ሲያንስ መድኃኒቱ ያለ ተቀናቃኝ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በመደበኛው ልክ ሳለ እንኳ ሊመርዝ ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ማቅለሽለሽ ነው፤ በመብራት ዙሪያ የሚታየው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቀለበት ብዙዎች የሚያውቁት ምልክት ነው፤ በአዋቂ ሰው ትርታው ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይያዛል፥ ሐኪሙም ይነገረዋል። ጥያቄው በአራት መልሶች ይመጣል፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ስጪ፥ ሌላ ቁርስ አስመጪ፥ ቤተ ሰብ ጥሪ፥ ዲጎክሲኑን ያዢ። የሚያቅለሸልሸውን ሰው ማስታገስ ርኅራኄ ይመስላል፤ ብዙ ተፈታኝም በዚያ ይወድቃል፤ ነገር ግን ማስታገሻው ምልክቱን ይሸፍነዋል፥ መርዙም ይቀጥላል። እኔ መልሱን ከማንበቤ በፊት በአዛውንቱ ፊት ላይ አንብቤው ነበር፤ በቀይ የከበብሁት ስለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት እናቴ ለጉብኝት መጥታ ስድስት ወር ተቀመጠች። ያ ዘመን የቤቱ ትንሣኤ ነበር። ትንሹን በጀርባዋ አዝላ፥ ትልቋን በተረት ይዛ፥ እኔን ወደ መኝታ ቤት ታባርረኝ ነበር። ካርዶቹን ግን አልወደደቻቸውም። አንድ ቀን ወጥ እያማሰልሁ ከንፈሬን ሳነቃንቅ ቆማ ተመለከተችኝና፥ «አንቺ ልጅ፥ ዳዊት እንኳ መቶ ኀምሳ ብሎ ያልቃል፤ ይኼ ያንቺ ዳዊት ማለቂያ የለውም እንዴ?» አለችኝ። ነርስ አድርጋ ያስመረቀችኝ ሴት እንደ ገና ተማሪ መሆኔን ለጎረቤት መናገር አፍራ እንደ ነበር የሰማሁት ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ነው። እርስዋ ስትሄድ ካርዶቹ እንደ ገና ወደ ቁም ሳጥኑ በር ተመለሱ፤ እንቅልፉም እንደ ገና ተቆረሰ።

የፈተናው አሠራር ለማያውቀው ሰው እንግዳ ነው። ኤንክሌክስ በኮምፒዩተር መሰጠት የጀመረው በ1994 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ሲሆን፥ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ወረቀት የለውም። በአገራችን የኔታ ተማሪያቸውን ሲያስቀጽሉ አንዱን ከመለሰላቸው ከበድ ያለውን፥ ከሳተ ቀለል ያለውን እየጠየቁ ደረጃውን እንደሚለኩት፥ ማሽኑም የሚቀጥለውን ጥያቄ ከቀደመው መልስ ተነሥቶ ይመርጣል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። በእኔ ዘመን ትንሹ 75፥ ትልቁ 265 ጥያቄ ነበር፤ ጊዜው ስድስት ሰዓት፤ ተፈታኙ ከማለፊያው ልክ በላይ ወይም በታች ለመሆኑ ማሽኑ በመቶ 95 እርግጠኛ በሆነበት ቅጽበት መስኮቱ ይዘጋል። ስለዚህ በ75 መዘጋት የብስራትም የመርዶም ምልክት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎበዙ ተፈታኝ እንኳ ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉን እየሳተ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ማሽኑ የአቅሙን ጣራ እስኪያገኝ ድረስ ስለሚያከብድበት። ሁሉን እየመለስሁ ነው የሚል ሰው ይጨነቅ፥ ምንም አላውቅም የሚል ሰው ይጽና፤ እውነተኛው ምክር ይህ ነበር፥ ማንም ግን አያምነውም።

በፈተናው ጠዋት ባለቤቴ ታክሲውን አቁሞ ቀረ። ኪሴን ባዶ አድርጌ፥ የጣት አሻራ ሰጥቼ፥ ፎቶ ተነሥቼ፥ የሚጠፋ ሰሌዳና ብዕር ተቀብዬ ገባሁ። ከጥያቄዎቹ የማስታውሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የማስታውሰውንም መናገር አይፈቀድም፤ ስንፈርም ለማንም እንዳንገልጽ ቃል ገብተናል። የማስታውሰው ይልቁን ጸጥታው ነው፤ ከልጆቹ መወለድ ወዲህ ለሰዓታት ማንም ያልጠራኝ፥ ደወል ያልጮኸበት፥ መብራት ያልበራበት ስፍራ ያ ነበር። መስኮቱ ሲዘጋ ለመነሣት አልቸኮልሁም። ከሁለት የሥራ ቀናት በኋላ ጥቂት ብር ከፍሎ ውጤቱን ማየት ይቻል ነበርና፥ ባለቤቴ ገበታው ላይ ተቀምጦ «አልፈሻል» ሲል፥ ትልቋ ልጄ ለምን እንደምናለቅስ ስላልገባት ከእኛ ጋር አለቀሰች።

ዛሬ ያ ፈተና ተለውጧል። ከሚያዝያ 2023 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጀምሮ የጥያቄው ብዛት ከ85 እስከ 150፥ ጊዜው አምስት ሰዓት ሆኗል፤ በውስጡም የአንድን ሕመምተኛ መዝገብ ከፍቶ በስድስት ጥያቄ እየተከተለ የሚሄድ ክፍል ገብቶበታል፤ ከስድስቱም የመጀመሪያው፥ ከመዝገቡ ውስጥ ሊያሳስብ የሚገባው ምልክት የትኛው ነው የሚል ነው። ብስኩቱ፥ 52ቱ፥ ቢጫው መብራት። በእኔ ዘመን እንዲህ ቢጠየቅ ኖሮ የሌሊቱ ሥራ ለቀኑ ጥናት ጠላት ባልሆነ ነበር እያልሁ አስባለሁ።

አሁን በምመራው ክፍል በረዳትነት የምትሠራ አንዲት የጎንደር ልጅ አለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ የምታጠናው በስልኳ ነው፥ ካርድ አታውቅም። ይህን ሐሳቤን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እትዬ፥ እርስዎ ከአራት አንዱን መርጠው አለፉ፤ እኛ ከስምንቱ ትክክል የሆኑትን ሁሉ ልቀሙ ተብለናል» አለችኝ። ከፊሉን የለቀመም ከፊል ነጥብ ያገኛል ብዬ ተከራከርኋት፤ የተሳሳተውን የጨመረ ግን ከለቀመው ይቀነስበታል ብላ ረታችኝ። ፈተናዋ ሰኞ ጠዋት ስለ ሆነ የእሑድ ሌሊቷን ከመርሐ ግብሩ ሰረዝሁላት። «ማን ሊሸፍን ነው?» አለች፥ ዝርዝሩን አንገቷን አስግጋ እያየች። ስሜን በስሟ ቦታ ጻፍሁ፤ ዳይፐሩና ማገላበጡ ምን ያህል እንደሚከብድ የረሳሁ መስሏት ይሆን፥ ወገቤን እንድጠነቀቅ መክራኝ ሄደች።